የኖርማል ተለዋዋጮች ድምር አማካይና ቫሪያንስ አሠራር፦ ከአንድ ጆንያ ቡና እስከ ሙሉ ኮንቴይነር

ወደ ውጭ የሚላክ ቡና በአብዛኛው በ60 ኪሎ ጆንያ ይታሸጋል። ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር ውስጥ 320 ጆንያ ሲጫን ጭነቱ 19,200 ኪሎ የተጣራ ቡና ይሆናል፤ ሰነዱ ላይ የሚጻፈውም ይኸው ቁጥር ነው። ጆንያ የሚሞላ ሰው ግን በየጊዜው ልክ 60 ኪሎ ላይ ሊያቆም አይችልም። አንዱ 59.6 ይሆናል፣ ቀጣዩ 60.7። ስለዚህ እንዳይጎድል ትንሽ አለፍ ተደርጎ ይሞላል። ምን ያህል አለፍ ቢባል ነው ጭነቱ ሳይጎድል፣ ቡናም ያለ ዋጋ ሳይሄድ የሚቀረው?

ይህን ለመመለስ የሚያስፈልገው አንድ የስታቲስቲክስ ሕግ ብቻ ነው፦ እርስ በርስ የማይነካኩ ኖርማል ተለዋዋጮች ሲደመሩ፣ ሲቀነሱ ወይም በቁጥር ሲባዙ አማካያቸውና ቫሪያንሳቸው ምን እንደሚሆን። ሕጉ አጭር ነው፤ ተማሪዎችም በቀላሉ ይሸመድዱታል። ፈተና ላይም ሥራ ላይም ሰው የሚሳሳተው ስሌቱን ሳይሆን የትኛው ቀመር ለየትኛው ሁኔታ እንደሚሆን ነው። እዚህ ላይ ብዙ የምቆየውም ስለዚህ ነው።

ሕጉ

`X₁` እና `X₂` ሁለት ነጻ ተለዋዋጮች ይሁኑ። ነጻ ማለት የአንዱን ዋጋ ማወቃችን ስለሌላው ምንም የማይነግረን ማለት ነው። አማካያቸውን `μ₁` እና `μ₂`፣ ስታንዳርድ ዲቪየሽናቸውን `σ₁` እና `σ₂` እንበል። `a`፣ `b` እና `c` የታወቁ ቋሚ ቁጥሮች ሲሆኑ፦

```
Y = a·X₁ + b·X₂ + c

E(Y)   = a·μ₁ + b·μ₂ + c
Var(Y) = a²·σ₁² + b²·σ₂²
```

`X₁` እና `X₂` ኖርማል ከሆኑ `Y` ራሱም ኖርማል ነው። ተለዋዋጮቹ ሦስትም ይሁኑ ሦስት መቶ ሕጉ ያው ነው፤ እየጨመሩ መሄድ ብቻ ነው።

ሁለት ነገሮችን ልብ በሉ። ቋሚው `c` ቫሪያንሱ ውስጥ የለም፤ ሁሉም ጆንያ ላይ እኩል ሁለት ኪሎ ብትጨምሩ ክብደታቸው ከፍ ይላል እንጂ መበታተናቸው አይለወጥም። አባዢዎቹ `a` እና `b` ደግሞ ቫሪያንሱ ውስጥ የሚገቡት በስኩዌር ነው። ቫሪያንስ ከአማካይ ያለው ርቀት ስኩዌር አማካይ በመሆኑ፣ ርቀቱ ሦስት እጥፍ ሲሆን ስኩዌሩ ዘጠኝ እጥፍ ይሆናል። የቡና ነጋዴ ዋጋ የሚናገረው በፈረሱላ ነው፤ አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው። የጆንያን ክብደት ከኪሎ ወደ ፈረሱላ ስንቀይር `a = 1/17` ነው ማለት ነው። አማካዩ ለ17 ይካፈላል፣ ስታንዳርድ ዲቪየሽኑም ለ17፣ ቫሪያንሱ ግን ለ289።

ቫሪያንሶች በቀጥታ የሚደመሩበት ምክንያት ከሁለተኛ ደረጃ አልጀብራ አይርቅም። የመጀመሪያው ተለዋዋጭ ከአማካዩ የራቀበትን `d₁`፣ የሁለተኛውን `d₂` እንበል። የድምሩ ርቀት ስኩዌር `(d₁ + d₂)² = d₁² + 2d₁d₂ + d₂²` ነው። ሁለቱ ነጻ ሲሆኑ መሐል ያለው `2d₁d₂` አንዴ ፖዘቲቭ አንዴ ኔጌቲቭ እየሆነ አማካዩ ዜሮ ይወጣል። የሚቀሩት ሁለቱ ስኩዌሮች ናቸው። በቅነሳም ቢሆን `(d₁ − d₂)² = d₁² − 2d₁d₂ + d₂²` ነውና መሐሉ ሲጠፋ `d₂²` ፖዘቲቭ እንደሆነ ይቀራል። ተለዋዋጮች ሲቀነሱም ቫሪያንሳቸው የሚደመረው ለዚህ ነው።

ደረጃ 1፦ የምትፈልጉትን ነገር በቀመር ጻፉ

ካልኩሌተር ከመንካታችሁ በፊት የምትፈልጉትን መጠን በፊደል ጻፉት። ለእያንዳንዱ የተለየ ነገር የየራሱን ስም ስጡ። ይህ ደረጃ ሲዘለል ነው ከታች የማሳያችሁ ትልቁ ስሕተት የሚገባው።

በምሳሌአችን የመጀመሪያው ጆንያ የተጣራ ቡና ክብደት `X₁`፣ የሁለተኛው `X₂`፣ እንዲህ እያለ እስከ `X₃₂₀` ነው። የእያንዳንዱ አማካይ 60.1 ኪሎ፣ ስታንዳርድ ዲቪየሽኑ 0.5 ኪሎ፣ ስርጭቱም ኖርማል ነው እንበል (ቁጥሮቹን የመረጥኩት ስሌቱን ለማሳየት ነው፤ በእናንተ መጋዘን ሌላ ይሆናሉ)። የኮንቴይነሩ የተጣራ ክብደት፦

```
S = X₁ + X₂ + … + X₃₂₀
```

የራሳችሁን አማካይና ስታንዳርድ ዲቪየሽን ለማግኘት የተወሰኑ ጆንያዎችን መዝኑና ኤክሴል ውስጥ `AVERAGE` እና `STDEV.S` ተጠቀሙ። የመዘናችሁበትን ቅደም ተከተል አታጥፉት፤ በኋላ ያስፈልጋል።

ደረጃ 2፦ አማካዩን ደምሩ

```
E(S) = 320 × 60.1 = 19,232 ኪሎ
```

እዚህ ላይ ብዙ የሚባል የለም። የአማካይ ሕግ ነጻነትንም ኖርማልነትንም አይጠይቅም፤ ተለዋዋጮቹ ቢነካኩም አማካያቸው ይደመራል። በአማካይ 32 ኪሎ ትርፍ አለን።

ደረጃ 3፦ ቫሪያንሱን ደምሩ፣ ስኩዌር ሩቱን መጨረሻ ላይ አውጡ

```
Var(S) = 320 × 0.5² = 320 × 0.25 = 80
σ(S)   = √80 ≈ 8.94 ኪሎ
```

የሚደመረው ቫሪያንስ ነው፤ ስታንዳርድ ዲቪየሽን በቀጥታ አይደመርም። ጥያቄ ላይ ስታንዳርድ ዲቪየሽን ከተሰጣችሁ መጀመሪያ ስኩዌር አድርጉት፣ ደምሩ፣ ከዚያ ስኩዌር ሩት አውጡ። `N(60.1, 0.25)` ተብሎ ሲጻፍ በአብዛኛው መጽሐፍ ሁለተኛው ቁጥር ቫሪያንስ ነው፤ ኤክሴልና የፓይተን ቤተ መጻሕፍት ግን የሚጠብቁት ስታንዳርድ ዲቪየሽን ነው። በዚህ ምክንያት ብቻ የተበላሹ ብዙ መልሶች አይቻለሁ።

ደረጃ 4፦ ወደ ዜድ ቀይሩና ዕድሉን አንብቡ

ዜድ ቁጥሩ ከአማካዩ በስንት ስታንዳርድ ዲቪየሽን እንደራቀ ይነግረናል። ጭነቱ ከ19,200 ኪሎ የሚጎድልበት ዕድል፦

```
z = (19,200 − 19,232) / 8.94 ≈ −3.58
P(S < 19,200) ≈ 0.00017
```

ከአሥር ሺህ ኮንቴይነር ሁለት ያህሉ ብቻ ይጎድላሉ ማለት ነው። ይህን ከአንድ ጆንያ ጋር አወዳድሩት። ለአንድ ጆንያ `z = (60 − 60.1)/0.5 = −0.2` ስለሆነ ከ60 ኪሎ የመጉደል ዕድሉ 0.42 ነው። ከመቶ ጆንያ አርባ ሁለቱ ጎደሎ ሆነው ሳለ ኮንቴይነሩ የማይጎድል መሆኑ መጀመሪያ ሲሰሙት ግር ይላል። ግን ከባዱ የቀላሉን ያካክሳል። ትርፉ በ320 ሲባዛ መበታተኑ የሚያድገው በ√320፣ ማለትም በ18 እጥፍ ገደማ ብቻ ነው።

በእጅ ያወጣችሁትን ኤክሴል ላይ ለማረጋገጥ ይህን ጻፉ፦

```
=NORM.DIST(19200, 19232, SQRT(80), TRUE)
```

አንድ ጆንያ በ320 ሲባዛ፣ 320 ጆንያ ሲደመር

አሁን ወደ ትልቁ ስሕተት። አንድ ሰው «320 ጆንያ ነው፣ እያንዳንዱ `X` ነው፣ ስለዚህ ድምሩ `320X` ነው» ብሎ ይጀምራል። አማካዩ ያው 19,232 ስለሚወጣለት ምንም አይጠራጠርም። ቫሪያንሱ ግን፦

```
Var(320X) = 320² × 0.25 = 25,600
σ(320X)   = 160 ኪሎ
```

ከዚህ ተነስቶ ዜድ ሲያሰላ −0.2 ያገኛል፤ ኮንቴይነሩ የመጉደል ዕድሉ 42 በመቶ ነው ይላል። በ0.00017 እና በ0.42 መካከል ያለው ልዩነት የአጻጻፍ ብቻ ነው። `320X` ማለት አንድ ጆንያ መዝነን የተቀሩት 319ኙ ልክ የዚያ ግልባጭ ናቸው ማለት ነው። የመጀመሪያው 59.4 ከሆነ ሁሉም 59.4 ናቸው፤ የሚያካክስ የለም። `X₁ + X₂ + … + X₃₂₀` ግን እያንዳንዱ ጆንያ በራሱ ዕድል የተሞላ ነው።

ስለዚህ ከማስላታችሁ በፊት ራሳችሁን የምትጠይቁት ጥያቄ ይህ ነው፦ የተለያዩ ብዙ ነገሮች ናቸው ወይስ አንዱ ነገር ብዙ ጊዜ የተቆጠረ? የመጀመሪያው ከሆነ ቫሪያንሱ በ`n` ይባዛል፤ ሁለተኛው ከሆነ በ`n²`። ሳትፈልጉ መሳሳታችሁን የሚያሳይ ምልክትም አለ፦ ድምሩ ላይ ያገኛችሁት ዜድ ከአንዱ ላይ ካገኛችሁት ጋር እኩል ከወጣ፣ ድምሩን ሳይሆን የአንዱን ግልባጮች ነው ያሰላችሁት።

ጆንያው ራሱ ሲመዘን

ተለዋዋጮቹ የተለያየ ዓይነት ሲሆኑም አሠራሩ አይለወጥም። ባዶው ጆንያ አማካይ ክብደቱ 0.7 ኪሎ፣ ስታንዳርድ ዲቪየሽኑ 0.04 ኪሎ ይሁን፤ `B` እንበለው። ከነጆንያው ያለው ክብደት `G = X + B` ነው፦

```
E(G)   = 60.1 + 0.7 = 60.8
Var(G) = 0.25 + 0.0016 = 0.2516
σ(G)   ≈ 0.5016
```

የጆንያው መበታተን ከነበረው ላይ የጨመረው ከ2 ግራም በታች ነው። 0.5 እና 0.04ን በቀጥታ ብንደምር 0.54 እናገኝ ነበር። ስኩዌር ሲደረግ ትልቁ ትንሹን ይውጠዋል፤ ስለዚህ ቫሪያንሶቹን ጎን ለጎን ስትጽፉ የትኛው ምንጭ መስተካከል እንዳለበት ወዲያው ይታያችኋል። እዚህ ላይ ይበልጥ እኩል የሆነ ጆንያ ፍለጋ መሄድ ድካም ነው።

ከዚሁ ጋር አንድ ወጥመድ አለ። `X = G − B` ስለሆነ ሕጉን ተጠቅሜ `Var(X) = 0.2516 + 0.0016 = 0.2532` ልበል የሚል ይኖራል። መልሱ ግን 0.25 እንደሆነ ቀድመን እናውቃለን። ምን ተበላሸ? `G` ውስጥ `B` አለ፤ ጆንያው ሲከብድ ጥቅሉም ይከብዳል። ነጻ አይደሉም፣ ስለዚህ ሕጉ አይሠራም። ቀመሩን ስትጽፉ አንድ ፊደል በሁለት ቦታ ተደብቆ እንደሆነ እዩ፤ ከሆነ መጀመሪያ አቃሉት፣ ከዚያ ቫሪያንስ አስሉ።

ልዩነት ሲሰላ

ሁለት ሰዎች ጆንያ ይሞላሉ። የአንደኛው ጆንያ `A` አማካዩ 60.1፣ ስታንዳርድ ዲቪየሽኑ 0.5። የሁለተኛው `C` አማካዩ 60.4፣ ስታንዳርድ ዲቪየሽኑ 0.4። ከየሁለቱ አንዳንድ ጆንያ ብናነሳ የሁለተኛው የመክበድ ዕድሉ ስንት ነው? «ይከብዳል» የሚለውን ወደ ቅነሳ እንቀይረው፦ `D = C − A`፣ የምንፈልገውም `P(D > 0)` ነው።

```
E(D)   = 60.4 − 60.1 = 0.3
Var(D) = 0.16 + 0.25 = 0.41
σ(D)   ≈ 0.640
z      = (0 − 0.3) / 0.640 ≈ −0.47
P(D > 0) ≈ 0.68
```

ቫሪያንሱን የቀነሰ ሰው `0.25 − 0.16 = 0.09` ብሎ 0.84 ያገኛል፤ መልሱም ያሳምናል። ስሕተቱን ለማጋለጥ ቅደም ተከተሉን ገልብጡት፦ `0.16 − 0.25` ኔጌቲቭ ይሆናል፣ ኔጌቲቭ ቫሪያንስ ደግሞ የለም። የ`C − A` እና የ`A − C` መበታተን አንድ መሆን አለበት። አማካዩ ምልክቱን ይቀይራል፣ ቫሪያንሱ አይቀይርም።

ሚዛኑ የጋራ ሲሆን

እስካሁን ያለው የመማሪያ መጽሐፍ ስሌት ነው። መጋዘን ውስጥ ሲገቡ ግን 320ውም ጆንያ የሚመዘነው በአንድ ሚዛን ነው። ሚዛኑ ዛሬ 100 ግራም አብልጦ ካነበበ በሁሉም ጆንያ ላይ አብልጦ ያነባል። ይህ ስሕተት እንደ ሠራተኛው እጅ አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ አይልም።

ይህን በቀመር እናስገባው። የሚዛኑ ስሕተት በዕለቱ በእያንዳንዱ ጆንያ ላይ የሚጨምረው ወይም የሚቀንሰው ክብደት `M` ይባል፤ አማካዩ 0፣ ስታንዳርድ ዲቪየሽኑ 0.1 ኪሎ፣ ኖርማል፣ ከሠራተኛው እጅ ነጻ። `M` ለሁሉም ጆንያ አንድ ስለሆነ 320 የተለያዩ `M` የሉም፦

```
S = X₁ + X₂ + … + X₃₂₀ + 320·M

Var(S) = 320 × 0.25 + 320² × 0.01
       = 80 + 1,024 = 1,104
σ(S)   ≈ 33.2 ኪሎ
z      = (19,200 − 19,232) / 33.2 ≈ −0.96
P(S < 19,200) ≈ 0.17
```

አንድ ጆንያ ላይ ብታዩት የሚዛኑ ቫሪያንስ 0.01፣ የሠራተኛው 0.25 ነው፤ ከቁምነገር የማይገባ ይመስላል። ኮንቴይነር ላይ ግን 1,024 ለ80 ሆኖ ይገለበጣል። ምክንያቱ ቀደም ሲል ያየነው ነው፦ ሠራተኛው በ`n` ሚዛኑ በ`n²` ያድጋል። የመጉደል ዕድሉም ከአሥር ሺህ ኮንቴይነር ሁለት የነበረው ከመቶ ኮንቴይነር ወደ አሥራ ሰባት ይዘላል።

በፓይተን ሁለቱን ጎን ለጎን ለማየት፦

```python
from math import sqrt
from statistics import NormalDist

n, mu, s, m = 320, 60.1, 0.5, 0.1
for v in (n*s**2, n*s**2 + n**2*m**2):
    print(round(sqrt(v), 2), NormalDist(n*mu, sqrt(v)).cdf(19200))
```

ይህ ስሕተት መኖሩን እንዴት ታውቃላችሁ? ከዚያው ሚዛን በወሰዳችሁት መረጃ አታውቁትም። ሚዛኑ 100 ግራም ቢያበላሽ ሁሉንም ንባብ እኩል ስለሚያንቀሳቅስ `STDEV.S` ምንም አይለውጥም፤ እኩል የሚጨመር ቋሚ ቫሪያንስ ውስጥ እንደማይገባ ከሕጉ አይተናል። ደግሞ መመዘንም አይረዳም። ትክክለኛነቱ የተረጋገጠ የመፈተሻ ክብደት ሚዛኑ ላይ ማስቀመጥ፣ ወይም የተጫነውን መኪና በምድር ሚዛን አስመዝኖ ከጆንያዎቹ ድምር ጋር ማስተያየት ነው ያለው መንገድ።

በቀን ውስጥ የሚለዋወጥ የጋራ ስሕተት ካለ ግን ቅደም ተከተሉ ይነግራችኋል። ክብደቶቹን በተሞሉበት ተራ በግራፍ አስቀምጧቸው። ነጥቦቹ በአማካዩ ዙሪያ ያለ ሥርዓት ከዘለሉ ጥሩ ነው። ጠዋት የተሞሉት በአንድነት ከላይ፣ ከሰዓት የተሞሉት በአንድነት ከታች ከሆኑ ጎረቤት ጆንያዎች ይነካካሉ፤ በ`n` ማባዛትም አይበቃም። በዚህ ጊዜ ሙሉው ቀመር ያስፈልጋል፦

```
Var(aX + bY) = a²·Var(X) + b²·Var(Y) + 2ab·Cov(X, Y)
```

`Cov` ሁለቱ ምን ያህል አብረው ከፍና ዝቅ እንደሚሉ ይለካል። የመጨረሻው ክፍል ቅድም የጠፋው `2d₁d₂` ነው፤ ነጻነት ሲጓደል ተመልሶ ይመጣል።

ኖርማልነትስ ቢጓደል? የዚህን ያህል አያስፈራም። የአማካይና የቫሪያንስ ሕጎች ኖርማልነትን አይጠይቁም። ኖርማልነት የሚያስፈልገው ዕድሉን ከሠንጠረዥ ለማንበብ ነው፤ 320 ነጻ ነገሮች ሲደመሩ ደግሞ እያንዳንዱ ትንሽ ያዘነበለ ቢሆን እንኳ ድምሩ ወደ ኖርማል ይጠጋል። የጋራው ስሕተት `M` ግን አንድ ብቻ ስለሆነ ይህ ማለስለስ አያገኘውም፤ ኖርማል መሆኑን መገመት የእናንተ ኃላፊነት ነው።

ወደ ኋላ መሥራት፦ ስንት ኪሎ ላይ እንሙላ?

መጀመሪያ ወደጠየቅነው እንምጣ። ከመቶ ኮንቴይነር ከአንድ በላይ እንዳይጎድል ከፈለግን የሙሌቱ አማካይ `μ` ስንት ይሁን? ዕድሉ 0.01 የሚሆንበት ዜድ −2.326 ነው፤ ስለዚህ፦

```
320·μ − 2.326·σ(S) = 19,200
μ = 60 + 2.326·σ(S) / 320
```

ሚዛኑ ፍጹም ትክክል ከሆነ `σ(S) = 8.94` ነው፤ `μ` 60.065 ይወጣል። በአንድ ኮንቴይነር ያለ ዋጋ የሚሄደው ቡና 21 ኪሎ ገደማ ነው። ሚዛኑ 0.1 ኪሎ የሚበታተን ከሆነ `σ(S) = 33.2` ሲሆን `μ` 60.24 ይሆናል፤ የሚሄደውም 77 ኪሎ። «እያንዳንዱ ጆንያ በራሱ አይጉደል» የሚል ገዢ ቢመጣ ደግሞ ጥያቄው ሌላ ነው፦ ከመቶ ጆንያ ከአንድ በላይ እንዳይጎድል በትክክለኛ ሚዛን እንኳ `60 + 2.326 × 0.5 = 61.16` ኪሎ መሙላት ይጠይቃል፤ በኮንቴይነር 372 ኪሎ ትርፍ። ውል ስትፈርሙ ልኬቱ በጆንያ ነው ወይስ በጠቅላላ ጭነት የሚለውን ማንበብ የሚያዋጣው ለዚህ ነው።

77ቱን ኪሎ ለመቀነስ ሚዛን መቀየር ግድ አይደለም። በየ40 ጆንያው ቆም ብሎ ሚዛኑን በመፈተሻ ክብደት እንደገና ማስተካከል ይቻላል። ከእያንዳንዱ ማስተካከያ በኋላ የሚቀረው ስሕተት አዲስ ከሆነ፣ ማለትም ከቀደመው ነጻ ከሆነ፣ አንዱ `M` ስምንት ይሆናል፦ `M₁` እስከ `M₈`፣ እያንዳንዱም በ40 ተባዝቶ ይገባል።

```
Var(S) = 80 + 8 × 40² × 0.01
       = 80 + 128 = 208
σ(S)   ≈ 14.4 ኪሎ
```

1,024 የነበረው 128 ሆነ፤ ሚዛኑ ያው ሚዛን፣ ስሕተቱም ያው 0.1 ነው። በ60.1 አማካይ እየሞላን ብንቀጥል `z = −32/14.4 ≈ −2.22` ሲሆን የመጉደል ዕድሉ ከ0.17 ወደ 0.013 ይወርዳል። አንድ በመቶ ለመድረስ `μ` 60.105 ይበቃል፤ የሚሄደው ቡናም ከ77 ወደ 34 ኪሎ ገደማ ይቀንሳል።

ይህ ስሌት የሚይዘው ግን ስምንቱ ስሕተቶች በእውነት የተለያዩ ከሆኑ ብቻ ነው። የመፈተሻው ክብደት ራሱ ጠርዙ ተሸርፎ 50 ግራም ከጎደለው፣ ስምንት ጊዜ ብታስተካክሉ ስምንቱም ጊዜ ሚዛኑን በዚያው በጎደለው ክብደት ነው የምታስተካክሉት፤ ያ ጉድለት በ40 ሳይሆን በ320 ተባዝቶ ይገባል።